ከሠንጠረዡ ጥግ ያለችው ቁጥር

የደመወዝ ግብር ሠንጠረዥ ሦስት ዓምዶች አሉት። አንደኛው ደመወዙ ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ ይናገራል። ሁለተኛው በመቶ ስንት እንደሚታሰብ ያሳያል። ሦስተኛው ጥግ ላይ ተሸጉጦ የተቀመጠው ተቀናሽ የሚባለው ነው። ስለ መጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሁሉም ሰው ያወራል፤ «ሠላሳ አምስት ፐርሰንት እየቆረጡብኝ» የማይል የቢሮ ሰው ካገኛችሁ ንገሩኝ። ሦስተኛውን የሚያውቀው ግን ሒሳብ ክፍል ብቻ ነው፤ እነሱም ቢሆኑ ኤክሴል ውስጥ አንዴ ከትተውት ከረሱት ቆይተዋል። እስቲ ዛሬ ቡናው እስኪፈላ ስለዚህ ቁጥር እንጫወት። የወር ደመወዝ የምትበሉ ከሆነ የገዛ ወረቀታችሁን አጠገባችሁ ብታደርጉት ጨዋታው የበለጠ ይጥማል።

አሁን የምንተዳደርበት ሠንጠረዥ በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 የተሻሻለው ነው፤ ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት ማለት ነው። በወር እስከ 2,000 ብር የሚያገኝ ሰው ግብር የለበትም። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ብር 15 በመቶ ሆኖ ተቀናሹ 300 ነው። እስከ 7,000 ብር 20 በመቶ፣ ተቀናሹ 500። እስከ 10,000 ብር 25 በመቶ፣ ተቀናሹ 850። እስከ 14,000 ብር 30 በመቶ፣ ተቀናሹ 1,350። ከ14,000 ብር በላይ የሆነ ሁሉ 35 በመቶ ሆኖ ተቀናሹ 2,050 ነው። ይኸው ነው፤ ስድስት መስመር ብቻ።

አጠቃቀሙም ቀላል ነው። ደመወዛችሁ ያለበትን መስመር ትፈልጋላችሁ፣ ጠቅላላ ደመወዙን በመቶኛው ታባዛላችሁ፣ ከተገኘው ላይ ተቀናሹን ትቀንሳላችሁ። 16,000 ብር የሚከፈላትን ሠራተኛ እንውሰድ። 16,000 በ35 በመቶ ሲባዛ 5,600 ይመጣል፤ ከዚያ ላይ 2,050 ሲነሳ 3,550 ብር ይቀራል። የወር ግብሯ ይህ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንዳንዱ 2,050ውን አስቀድሞ ከደመወዙ ላይ ያነሳና ቀሪውን በ35 በመቶ ያባዛል። እንዲህ ከተሠራ የዚችው ሠራተኛ ግብር 4,882 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል፤ በወር ከ1,300 ብር በላይ ያለ አግባብ ሄደ ማለት ነው። ተቀናሹ የሚነሳው ከግብሩ ላይ እንጂ ከደመወዙ ላይ አይደለም። ሌላው ደግሞ ሠንጠረዡን ያይና «ከደመወዜ 2,050 ብር ይቀነስብኛል» ብሎ ይደነግጣል። እንዲያውም ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ቁጥሩ በተለቀ መጠን ለእናንተ ይሻላል።

ታዲያ ይህ 2,050 ከየት መጣ? አንድ ሰው ተቀምጦ «ለእነዚህ እንኳ ሁለት ሺህ ከሃምሳ ብር ይተውላቸው» ብሎ የቸራቸው አይደለም። ይህን ለማየት ግብሩን በረጅሙ መንገድ እንሥራው።

ስድስት ሲኒ ተደርድሮ አስቡ። ደመወዛችሁ ከጀበናው ይቀዳል። የመጀመሪያው ሲኒ 2,000 ብር ይይዛል፤ ሲሞላ ትርፉ ወደ ሁለተኛው ይፈሳል፣ ያ ሲሞላ ወደ ሦስተኛው፣ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። እያንዳንዱ ሲኒ የራሱ መቶኛ አለው፤ ያ መቶኛ የሚነካው እዚያ ሲኒ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። የ16,000 ብሯ ሠራተኛ የመጀመሪያ 2,000 ብር ምንም አይከፈልበትም። የሚቀጥለው 2,000 በ15 በመቶ 300 ብር ነው። የሚቀጥለው 3,000 በ20 በመቶ 600። ሌላው 3,000 በ25 በመቶ 750። የሚቀጥለው 4,000 በ30 በመቶ 1,200። የቀረው 2,000 ብር ብቻ ነው 35 በመቶ የሚታሰብበት፤ እሱም 700። ደምሩት፤ 3,550 ብር። በአጭሩ መንገድ ካገኘነው ጋር ሳንቲም አይለያይም።

ስለዚህ «35 በመቶ ይቆረጥብኛል» የምትለዋ እህታችን በእርግጥ የሚቆረጥባት ከጠቅላላ ደመወዟ 22 በመቶ ገደማ ነው። 35 በመቶው የነካው ከአናት ያለውን 2,000 ብር ብቻ ነው።

አጭሩ መንገድ ግን 16,000ውን በሙሉ በ35 አባዝቶታል። ታችኛዎቹ ሲኒዎችም በማይገባቸው መቶኛ ተመትተዋል። ተቀናሹ ይህን ከልክ ያለፈውን የሚመልስ ነው። ለምሳሌ በ15 በመቶው መስመር ላይ ስንሆን የመጀመሪያው 2,000 ብር ነፃ መሆን ሲገባው 15 በመቶ ታሰበበት፤ ያ 300 ብር ነው፣ ይመለስ። ወደ 20 በመቶው መስመር ስንወጣ ደግሞ የመጀመሪያው 4,000 ብር ተጨማሪ 5 በመቶ ያለ አግባብ ታሰበበት፤ እሱም 200 ብር ነው። 300 እና 200፣ 500። እንዲሁ ስትቀጥሉ 7,000 በ5 በመቶ 350 ነው፣ ከ500 ጋር 850። 10,000 በ5 በመቶ 500፣ ከ850 ጋር 1,350። 14,000 በ5 በመቶ 700፣ ከ1,350 ጋር 2,050። አያችሁ? በቃል መያዝ እንኳ አያስፈልግም። የእርከኖቹን ድንበርና መቶኛውን የያዘ ሰው ሦስተኛውን ዓምድ ራሱ በወረቀት ጥግ ላይ ማውጣት ይችላል።

ከዚህ የሚወጣ አንድ ጠቃሚ መፈተኛ አለ። ከእርከን ወደ እርከን መሻገሪያው ላይ ሁለቱም መስመሮች አንድ ዓይነት መልስ መስጠት አለባቸው። በ14,000 ብር ላይ ሞክሩት። በ30 በመቶው መስመር 4,200 ሲቀነስ 1,350፣ 2,850 ነው። በ35 በመቶው መስመር 4,900 ሲቀነስ 2,050፣ ይኸው 2,850። በቴሌግራም የሚዞር ሠንጠረዥ ደርሷችሁ ትክክል መሆኑን ከተጠራጠራችሁ ድንበሮቹን አንድ በአንድ እንዲህ ፈትሹ። አንድ ቦታ ላይ ሁለቱ መልሶች ካልተገናኙ አንዱ ቁጥር ተሳስቶ የተጻፈ ነው።

አሁን ወደ አንድ የቆየ ተረት እንምጣ። ደመወዝ ሲጨመር «ግብሩ ከፍ ስላለ የሚደርሰኝ ቀነሰ» የሚሉ ሰዎች አጋጥመዋችሁ ያውቁ ይሆናል። አንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል በር ላይ የሰማሁት ክርክር ይኸው ነበር። ወጣቱ 14,000 ብር ነበር ደመወዙ፤ 500 ብር ሊጨመርለት ነው።

«ጋሼ፣ ይህ ጭማሪ ባይገባ ይሻለኛል» አላቸው ደመወዝ የሚሠሩትን ሰውዬ።

«ምነው አንተ ልጅ፣ ገንዘብ ይጠላል እንዴ?»

«ከ30 ወደ 35 ያስገባኛል። በ30 በመቶ ሲታሰብ 4,200 ነው። በ35 ስመታው 5,075 መጣብኝ። ግብሩ 875 ሲጨምር ደመወዜ የጨመረው 500 ነው። 375 ብር ከሰርኩ አይደል?»

ሰውዬው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው ሠንጠረዡን አዞሩለት። «እቺን ጥግ ላይ ያለችዋን አይተሃታል?»

አላያትም። ልብ በሉ፣ ልጁ ሒሳቡን አልሳተም፤ ሦስተኛው ዓምድ ባይኖር ኖሮ ያለው ሁሉ ልክ ነበር። ተቀናሹ የተቀመጠው እንዲህ ያለ ገደል እንዳይፈጠር ነው። ከነተቀናሹ ሲሠራ በ14,000 ብር ግብሩ 2,850 ነበር፤ በ14,500 ደግሞ 5,075 ሲቀነስ 2,050፣ 3,025 ነው። የግብሩ ጭማሪ 175 ብር ብቻ ነው፤ ይህም የ500 ብሩ 35 በመቶ ነው። በላዩ 7 በመቶ ጡረታ፣ 35 ብር ይነሳል። ከ500 ብሩ 290 ብር ኪሱ ይገባል። በዚህ ሠንጠረዥ በግብር ምክንያት ጭማሪ ተቀብሎ የከሰረ ሰው ሊኖር አይችልም። እርከን መሻገር የሚያስፈራው ሦስተኛውን ዓምድ ያላየ ሰው ነው።

ይኸው ነገር በትርፍ ሰዓት ክፍያም ላይ ይመጣል። ያቺ የ16,000 ብሯ ሠራተኛ በአንድ ወር የ1,000 ብር ትርፍ ሰዓት ብትሠራ ግብሯ በ350 ብር ይጨምራል፤ 650 ብር ይደርሳታል። ጡረታው የሚታሰበው በመደበኛው ደመወዝ ላይ ስለሆነ ትርፍ ሰዓቱን አይነካውም። «ትርፍ ሰዓት ላይ ግብሩ ይከብዳል» የሚባለው ትርፍ ሰዓት የተለየ ግብር ኖሮበት አይደለም። መደበኛው ደመወዝ የታችኞቹን ሲኒዎች ሞልቷቸው ስለጨረሰ ተጨማሪው የሚፈሰው በቀጥታ ወደ መጨረሻው ነው።

እስካሁን ያልነው ሒሳብ ክፍል ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። የሚቀጥለውን ግን ብዙዎቹም አያውቁትም፤ እኔ በበኩሌ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው። ደመወዛችሁ የትኛው መስመር ላይ እንዳለ መፈለግ ጨርሶ አያስፈልግም። በሁሉም መስመር ሥሩትና ትልቁን መልስ ውሰዱ።

በ8,000 ብር እንሞክረው። በ15 በመቶው መስመር 1,200 ሲቀነስ 300፣ 900 ነው። በ20 በመቶው 1,600 ሲቀነስ 500፣ 1,100። በ25 በመቶው 2,000 ሲቀነስ 850፣ 1,150። በ30 በመቶው 2,400 ሲቀነስ 1,350፣ 1,050። በ35 በመቶው 2,800 ሲቀነስ 2,050፣ 750። ትልቁ 1,150 ነው፤ እሱም በትክክለኛው መስመር፣ ማለትም ከ7,000 እስከ 10,000 ባለው የመጣው ነው። በማንኛውም ደመወዝ ብትሞክሩት እንዲሁ ይሆናል። ምክንያቱም ከትክክለኛው በታች ያለ መስመር ከላይ ያለውን ገንዘብ በዝቅተኛ መቶኛ ያስበዋል፤ ከትክክለኛው በላይ ያለው መስመር ደግሞ ደመወዙ ገና ያልደረሰበትን እርከን ተቀናሽ ጭምር ይቀንሳል። በሁለቱም በኩል መልሱ ከእውነተኛው ያንሳል። ይህ የሚሠራው መቶኛው ወደ ላይ እየጨመረ ስለሚሄድ ብቻ ነው።

ኤክሴል ላይ ደመወዝ የምትሠሩ ሰዎች ያንን እርስ በርሱ የተጠላለፈ የ`IF` ሰንሰለት ታውቁታላችሁ፤ አንድ ቅንፍ ከጠፋ ግማሽ ቀን ይበላል። በእሱ ፈንታ ይህች ትበቃለች፣ ደመወዙ `A2` ላይ ካለ፦

```
=MAX(0, A2*15%-300, A2*20%-500, A2*25%-850, A2*30%-1350, A2*35%-2050)
```

ዜሮዋ እስከ 2,000 ብር ላሉት ናት፤ እሷ ባትኖር የ1,500 ብር ሠራተኛ ግብር ከዜሮ በታች ይመጣ ነበር። የቀመሩ ሌላ ጥቅም ሠንጠረዡ ሲለወጥ የሚለወጠው ቁጥሩ ብቻ መሆኑ ነው፤ ድንበሮቹ ቀመሩ ውስጥ ስለሌሉ አንዱን ረስቶ መተው የለም።

ከዚህ አንድ የምርመራ ዘዴ እናገኛለን። የተቆረጠባችሁ ግብር እናንተ ከሠራችሁት ካነሰ መስመር ተሳስቶ ሊሆን ይችላል። ከበለጠ ግን ስህተቱ መስመር መሳሳት አይደለም፤ በዚሁ ሠንጠረዥ የተሳሳተ መስመር ግብር ሊያበዛ አይችልምና። ስለዚህ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ወይ ተቀናሹ ተረስቷል፣ ወይ አስቀድሞ ከደመወዙ ላይ ተነስቷል፣ ወይ ደግሞ ግብር የማይታሰብበት አበል ከደመወዙ ጋር ተደምሯል፣ ወይም ወረቀቱ የተሠራው በአሮጌው ሠንጠረዥ ነው።

የመጨረሻው ከሁሉም በቀላሉ ይለያል። በፊት በሥራ ላይ የነበረው የአዋጅ ቁጥር 979/2008 ሠንጠረዥ ነው። ያኔ ነፃ የሚሆነው እስከ 600 ብር ብቻ ነበር፤ 35 በመቶው የሚጀምረው ከ10,900 ብር በላይ ሲሆን የዚያ መስመር ተቀናሽ 1,500 ነበር። አሁን 2,050 ነው። ሁለቱም በ35 በመቶ ስለሚያባዙ ከ14,000 ብር በላይ ላለ ሰው ሁሉ ልዩነቱ ያው 550 ብር ነው። 16,000 ቢያገኝም 160,000 ቢያገኝም የአዲሱ አዋጅ ትሩፋት በወር 550 ብር ነው፤ አንዲት ሳንቲም አትበልጥም፣ አታንስም። ስለዚህ ደመወዛችሁ ከ14,000 ብር በላይ ሆኖ ግብሩ እናንተ ከሠራችሁት ልክ 550 ብር በልጦ ካገኛችሁት ክርክር አያስፈልግም፤ የሆነ ቦታ 1,500 የምትል ቁጥር ሳትነካ ቀርታለች።

በብር ሲታይ ከላይ ያሉት ብዙ የተቀነሰላቸው ይመስላል፤ ከደመወዙ አንፃር ሲታይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። 2,000 ብር የሚያገኝ ሰው በድሮው 157 ብር ከ50 ሳንቲም ይከፍል ነበር፤ አሁን ምንም አይከፍልም፤ ይህ ከደመወዙ 8 በመቶ ገደማ ነው። ለ4,000 ብሩ ሠራተኛ የቀረለት 197 ብር ከ50 ሳንቲም ሲሆን 5 በመቶ ገደማ ይሆናል። ለ16,000 ብሯ 550 ብሩ 3 ነጥብ 4 በመቶ ነው።

ነገር ግን ወደ ኋላ ትንሽ ሄደን ሦስት ሠንጠረዦችን ጎን ለጎን ስናደርግ አንድ የማይጥም ነገር ይታያል። በአዋጅ ቁጥር 286/1994 ነፃው 150 ብር ነበር፤ ከፍተኛው መቶኛ የሚጀምረው ከ5,000 ብር በላይ ነው። ማለትም 35 በመቶ ውስጥ ለመግባት ከነፃው ወለል 33 እጥፍ በላይ ማግኘት ያስፈልግ ነበር። በ2008ቱ ይህ ወደ 18 እጥፍ ወረደ። አሁን 7 እጥፍ ነው። ወለሉ ከ600 ወደ 2,000 ሲያድግ ከሦስት እጥፍ አልፏል፤ ጣሪያው ግን ከ10,900 ወደ 14,000 ሲሄድ ሲሶ እንኳ አልጨመረም። መሰላሉ አጥሯል፤ ከታች የገባ ሰው አናቱ ላይ ቶሎ ይደርሳል። በድሮው የነበረው የ10 በመቶ እርከንም ቀርቶ ከነፃው በቀጥታ ወደ 15 ይዘለላል። ከታች ያለውን ማቃለሉ ደግ ነው፤ ግን በዛሬ የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ከ14,000 ብር ጥቂት በላይ የሚያገኝ ሰው ከባለ ብዙ መቶ ሺው ጋር በአንድ መቶኛ መቆሙ ለእኔ አልተዋጠልኝም። እናንተ ተከራከሩኝ፤ ጨዋታ ነው።

ወደ ወረቀታችን እንመለስ። ሌላው ተደጋጋሚ ጥያቄ የጡረታው ቅደም ተከተል ነው። የሠራተኛው ድርሻ ከመደበኛ ደመወዝ 7 በመቶ ነው፤ አሠሪው የሚጨምረው 11 በመቶ ከእናንተ ኪስ አይወጣም። ግብሩ የሚሠላው 7 በመቶው ሳይነሳ በፊት ባለው ደመወዝ ላይ ነው። የ16,000 ብሯ ሠራተኛ ጡረታ 1,120 ብር ነው። አንዳንዱ ይህን አስቀድሞ ያነሳና በ14,880 ላይ ግብሩን ያሰላል፤ 3,158 ይመጣለታል። ከትክክለኛው በ392 ብር ያንሳል፤ 392 ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የ1,120 ብሩ 35 በመቶ ነው። ልዩነቱ እንዲህ ልክ የጡረታው ሲሶ ገደማ ሆኖ ከመጣ ምክንያቱ ይኸው ነው። በትክክል ሲሠራ ከ16,000 ብሩ 3,550 ግብር እና 1,120 ጡረታ ተነስቶ 11,330 ብር እጇ ይገባል።

ሁለት ቦታ የሚሠሩ ሰዎችም አሉ። ጠዋት አንድ ቦታ 8,000፣ ከሰዓት ሌላ ቦታ 8,000 እንበል። እያንዳንዱ ቀጣሪ ሌላውን ሳያውቅ 1,150 ይቆርጣል፤ ድምሩ 2,300 ነው። ገቢው ተደምሮ በ16,000 ሲታይ ግን ግብሩ 3,550 እንደሆነ አይተናል። የ1,250 ብሩ ልዩነት የመጣው ሁለቱም ቀጣሪዎች ነፃውን 2,000 እና የታችኞቹን እርከኖች እያንዳንዳቸው ከመጀመሪያው ስለጀመሩ ነው። ሕጉ የሚያየው የሰውየውን የወር ገቢ በጠቅላላ ስለሆነ ይህ ልዩነት የሆነ ቀን ሲጠየቅ «ቆርጠውብኛል እኮ» ማለት ብቻውን አያድንም።

ቡናው ሦስተኛው ሳይደርስ አንዲት የመጨረሻ ነገር። ሥራ ስትቀጠሩ «የተጣራ 15,000 ብር» ተብሎ ቃል የሚገባበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ጠቅላላ ደመወዙ ስንት መሆን አለበት? ብዙ ሰው በግምት 18,000፣ 20,000 እያለ ይሞክራል። ተቀናሹን የተረዳ ሰው ግን በአንድ መስመር ይጨርሰዋል። ከ35 በመቶው ግብርና ከ7 በመቶው ጡረታ በኋላ ከእያንዳንዱ ብር 58 ሳንቲም ይቀራል፤ በዚያ ላይ 2,050 ብር ይመለሳል። ስለዚህ ከ15,000 ላይ 2,050 አንሱና 12,950ውን ለ0.58 አካፍሉ፤ 22,327 ብር ከ59 ሳንቲም ይመጣል። ፈትሹት፤ ግብሩ 5,764.66፣ ጡረታው 1,562.93፣ የተጣራው 15,000 ብር ነው። ይህ ሁሉ መደበኛ ደመወዝ ሲሆን ነው፤ አበል ካለበት ጡረታው አበሉን ስለማይነካ ሒሳቡ ይለወጣል።

የተስማማችሁበት የተጣራ ክፍያ 8,000 ቢሆንስ? በዚሁ መስመር ብትሄዱ 10,258 ብር ከ62 ሳንቲም ይመጣል፤ ግን 35 በመቶው ከ14,000 በታች አይሠራም፤ መስመሩ ተሳስቷል። ወደ 30 በመቶው ውረዱ፤ ከ8,000 ላይ 1,350 አንሱና 6,650ውን ለ0.63 አካፍሉ። 10,555 ብር ከ56 ሳንቲም፤ ይህ ከ10,000 እስከ 14,000 ባለው ውስጥ ስለሆነ ልክ ነው። በ25 በመቶው መስመር ብትሞክሩት ደግሞ 7,150 ለ0.68 ተካፍሎ 10,514 ብር ከ71 ሳንቲም ይሰጣችኋል። ልብ ብላችሁ ከሆነ እዚህም ከሦስቱ ትልቁ መልስ ትክክለኛው ሆነ። ወደ ኋላ ስትሠሩም ሁሉንም መስመር ሞክራችሁ ትልቁን ጠቅላላ ደመወዝ መውሰድ ይበቃል፤ ለድርድር ስትቀመጡ የምትጠሩትም ቁጥር እሱ ነው።